አርባ አራት ሰከንድ ያጎደለው ዝርዝር

እኔ ችኩል ነኝ። ሻይ ሳይበርድ እጠጣለሁ፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ እመልሳለሁ፣ ተማሪ ጥያቄውን ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» እላለሁ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ደግሞ አፍስሼም ቢሆን ከሌላው ቀድሜ እጨርሳለሁ እያልኩ እከራከራት ነበር። አሁን አልከራከራትም። ያስተወኝ ደግሞ ከአንድ ቪዲዮ ሥር የጻፍኩት የደቂቃ ዝርዝር ነው።

ነገሩ በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ ደባርቅ አይሲቲ አስተምር ነበር። ላፕቶፕ ስለነበረኝ ብቻ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚዲያ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። የሚዲያ ክፍል ማለት እኔና ላፕቶፔ ነን። መዝሙር ሲጠና እቀርጻለሁ፣ ጉባኤ ሲኖር እቀርጻለሁ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ።

በግንቦት ወር የኔታን ለመንናቸው። የኔታ በደብራችን ለብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ ባሕረ ሐሳብን ጣታቸውን ብቻ እየቆጠሩ የሚያወጡ ሊቅ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ማለት ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው። ከቆሎ ተማሪዎቻቸው በቀር ለሌላ ሰው አስተምረው አያውቁም። ለወጣቱ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡን አልናቸው። «በአንድ ሰዓት ባሕር አይሻገሩም፤ ዳርቻውን ላሳያችሁ» ብለው መጡ።

ሰሌዳ አቆምንላቸው፣ እኔ ካሜራውን ፊታቸው ላይ ተከልኩ። የኔታ ሲያስተምሩ ፊታቸው ደስ ይላል፤ ቅንድባቸው ሁሉ ያስተምራል። በዚህ ተማርኬ ሰሌዳውን ከምስሉ ውጭ አስቀረሁት። በሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ቁጥር በቪዲዮው አይታይም፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ትምህርቱ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆነ። በደባርቅ ኔትወርክ ያን የሚያህል ፋይል መጫን ዘበት ስለነበር በፍላሽ ይዤ ጎንደር ወርጄ ከኢንተርኔት ቤት ጫንኩት። በሳምንቱ ሳየው የተመለከተው ሰው ጥቂት ነው። የተመለከቱትም ከሥሩ የጻፉት አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፦ «ነነዌን የሚናገሩት የት ጋ ነው?» «የፋሲካው ስንተኛ ደቂቃ ላይ ነው?» እውነታቸውን ነው። ካርድ ሞልቶ ዳታ የሚገዛ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሊያይ አይችልም። በጣቱ ወደፊት እየጎተተ ይፈልጋል፣ ካላገኘ ትቶ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከቪዲዮው ሥር ባለው መግለጫ ላይ ደቂቃና ሰከንዱን ከነርእሱ ከጻፉት ቁጥሩ ራሱ ሰማያዊ ይሆናል። ተመልካቹ ሲነካው ቪዲዮው በቀጥታ ወደዚያ ይዘላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ እወዳለሁ፣ ቶሎ ያልቃልና።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰካሁ፣ ደብተር ዘረጋሁ፣ ጀመርኩ። ርእስ ሲቀየር አቆማለሁ፣ ደቂቃውን እጽፋለሁ፣ እቀጥላለሁ። ሩብ ሰዓት ሳልሄድ ሰለቸኝና ፍጥነቱን በአንድ ተኩል አደረግሁት። ያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እያላመጠ የሚወጣ የየኔታ አነጋገር እንደ እኔ ሆነ። ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ ሰዓቱ በሃምሳ ደቂቃ አለቀ፣ ዐሥራ ሁለት ርእስም ወጣው።

0:00 ጸሎትና መግቢያ
6:15 ባሕረ ሐሳብ ማለት ምን ማለት ነው
13:50 ዓመተ ዓለምን ማውጣት
20:05 መደብ
24:52 ወንበርና መጥቅዕ

እያለ ይወርዳል፤ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ 1:01:20 ጥያቄና መልስ ይላል። ለጠፍኩት። አንዱም ቁጥር ሰማያዊ አልሆነም።

ግማሽ ቀን ዙሪያውን ዞርኩ። ስልኬ ነው እንዴ፣ ኔትወርኩ ነው እንዴ፣ አካውንቱ ነው እንዴ አልኩ። መጨረሻ ላይ ጉዱ የገባኝ ቁጥሩን በጣም አቅርቤ ሳየው ነው። ዝርዝሩን የተየብኩት በአማርኛው ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱም በደቂቃውና በሰከንዱ መካከል ያስገባልኝ የእኛን ሁለት ነጥብ ነው። ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ለዩቲዩብ ግን በአማርኛ ቃልና ቃልን የሚለይ ምልክት እንጂ የሰዓት ምልክት አይደለም። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ አንድ በአንድ ቀየርኳቸውና ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። አይሲቲ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በማግሥቱ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ስልካቸውን ይዘው መጡ። ትምህርቱ ለምን በተለያየ ሰዓት እንደሚተላለፍ ግራ ገብቷቸዋል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከፍተው ጠብቀው ነበር፣ ምንም የተለየ ነገር አልመጣላቸውም። ከሳቄ ጋር እየታገልኩ የሰዓት ፕሮግራም አለመሆኑን አስረዳኋቸው። ከዝርዝሩ በላይም «ቁጥሩን ሲነኩት ወደ ርእሱ ይወስድዎታል» የሚል መስመር ጨመርኩበት።

ለየኔታም አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ርእሶቹን አነበቡ። ይህ ዝርዝር ምን ይባላል ቢሉኝ ምዕራፍ ልንለው እንችላለን አልኳቸው።

«ምዕራፍስ ማረፊያ ማለት ነው» አሉ። «መንገደኛ አረፍ ብሎ የሚቀጥልበት። እናንተ ግን መዝለያ አደረጋችሁት?»

«ሰው ጊዜ የለውም፣ የኔታ» አልኩ።

«ጊዜን ሊማር መጥቶ ጊዜ የለውም» ብለው ሳቁ። ግን አልከለከሉኝም። የተመልካቹም ቁጥር ከዚያ በኋላ ሲጨምር ደስ አላቸው። ከዳባትም፣ ተራራው ላይ ካለው ከአምባራስም ሰው አየው ስላቸው «አምባራስ ድረስ ያለ በቅሎ!» ይሉ ነበር።

ክረምቱ ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኔ ቤተሰቤ ዘንድ ጎንደር ወረድኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። ባዮሎጂ የምታስተምር፣ ሳቂታ፣ ያን ዓመት የታጨች ጓደኛዬ ናት። እጮኛዋ የዳባት ልጅ ነው፤ ከዳባት ጎንደር ሚኒባስ ይነዳል። ስትደውል እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም።

«የእናንተ የኔታ ሠርጌን ዐቢይ ጾም ውስጥ ከተቱት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጮኛዋ የሠርጉን ቀን ቶሎ ለማስቆረጥ ቸኩሏል፤ የመጪው ዓመት ካላንደር ደግሞ ገና አልታተመም። ቄስ ሳላስቸግር ብሎ የየኔታን ቪዲዮ ከፍቶ ራሱ አሰላ። በስሌቱ ዐቢይ ጾም የካቲት ሃያ ስድስት ገባለት። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ሠርጉ እሑድ የካቲት ዐሥራ ስምንት ይሁን ተባለ። ካላንደሩ ሲወጣ ጾሙ የሚገባው የካቲት አምስት ነው። በጾም የሚያገባ የለም። የልጅቱ አባት «ይህን ሒሳብ ማን አስተማረህ?» ቢለው የየኔታን ስም ጠራ።

ሠርጉስ ቀን ይቀየርለታል። እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የነገረችኝ ነው። እጮኛዋና አንድ ሽማግሌ ደባርቅ ድረስ ሄደው የኔታን ጠይቀዋቸው ነበር፣ ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የኔታ አልተከራከሩም። ልጁ ያሰላበትን ወረቀት አንድ ጊዜ እንኳ ሳያገላብጡ «አርጅቻለሁ፤ ስቼ ይሆናል፣ ይቅር በሉኝ» ብለው ሸኟቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕረ ሐሳብ አያስተምሩም። ተማሪዎቻቸውን «ለዚህስ ሌላ መምህር ፈልጉ» ብለዋቸዋል።

ነደደኝ። ልጁ ላይ ነው የነደደኝ። ሚኒባስ እየነዳ፣ በአንድ እጁ ስልክ እየነካካ ያወጣውን ሒሳብ በሊቅ ላይ ማላከክ! በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የእሱን መኪና ጠበቅሁ። ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩና ገና ከተማውን ሳንወጣ ጀመርኩት።

«ቲቸር፣ እኔ እሳቸው ያሉትን ነው ያደረግሁት» አለ። ተሳዳቢ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም አፍሮ ነበር። «አንቺ የጻፍሽውን ቁጥር እየነካሁ ነው የሄድኩት።»

የጻፍሽው ሲለኝ ትንሽ ቀዘቀዝኩ። እንዴት እንዳሰላው ንገረኝ አልኩት። እየነዳ ነገረኝ። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለት ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዘመን፣ ለዐሥራ ዘጠኝ አካፈለ፣ አምስት ቀረው፤ መደብ ማለት ይህ ነው። እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ የኔታ ስለ እንግዳ ተረት ሲጀምሩ ዳታው እንዳያልቅበት ቀጣዩን ቁጥር ነካ። «ይህን በዐሥራ ዘጠኝ ታባዛላችሁ» ሲሉ ሰማ፣ አምስቱን በዐሥራ ዘጠኝ አባዛ።

አምስት መሆን የለበትም። አራት ነው መሆን ያለበት። ከመደቡ አንድ ይቀነሳል፤ ወንበር የሚባለው የቀረው ነው። በዚያች በአንድ ምክንያት ጾሙ ሦስት ሳምንት ተንሸራተተ። አንድ ቀንሱ ሳይሉ ቀርተው ይሆን? እኔም ለአፍታ የኔታን ጠረጠርኳቸው፤ አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ዳባት ስንደርስ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። ስልኬን አውጥቼ 24:52ን ነካሁ። «እንግዲህ ይህን በዐሥራ ዘጠኝ ታባዛላችሁ…» ልክ እንዳለው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ጎተትኩት፣ በትክክለኛው ፍጥነት።

24:08 ላይ የኔታ አንድ የግእዝ ቃል ይላሉ። ቀጥለው ተረቱን ይጀምራሉ። አንድ ሰው አምስት እንግዳ ጠራ። አራቱ ገብተው ወንበር ያዙ፣ አምስተኛው ገና ደጃፉ ላይ ጫማውን እያራገፈ ነው። ባለቤቱ ስንት ሰው ተቀምጧል ቢባል አምስት ይላልን? አራት ነው የሚለው። የያዝነው ዓመትም ደጃፍ ላይ ያለው እንግዳ ነው፤ ገና አልተፈጸመም፤ ስለዚህ አንዱን ትታችሁ የተቀመጡትን ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ «እንግዲህ ይህን…» ይላሉ።

የኔታ አዲስ ነገር ሲጀምሩ መጀመሪያ በግእዝ ይጠሩታል፣ ከዚያ ተረት ያመጣሉ፣ ከዚያ ወደ ሒሳቡ ይገባሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህር ሁሉ እንዲያ ነው። እኔ ግን ግእዙን ያለፈው ርእስ ማሰሪያ፣ ተረቱን የማሳረፊያ ጨዋታ አድርጌ ቆጥሬው ሒሳቡ ከተነሣበት ጀምሬ ደቂቃ ጻፍኩ። በአንድ ተኩል ፍጥነት ሲሮጥ ደግሞ ጨዋታ ብቻ ነው የሚመስለው። አርባ አራት ሰከንድ ዘለልኩ። ሰሌዳውም በምስሉ ውስጥ የለም፤ ቢኖር አንዷ ስትቀነስ በዐይኑ ባየ ነበር።

ልጁ አየኝ። «እና እኔ አይደለሁም?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ይህን ቃል በቶሎ የምናገር ሰው አይደለሁም።

ከዳባት ደባርቅ የእሱ መስመር አልነበረም። ግን ወደ ጎንደር የሚመለሱትን ተሳፋሪዎች ለሌላ መኪና ትቶ፣ ለሠርጉ ሌላ ቀን ላስቆርጥ በሚል ሰበብ አብሮኝ መጣ። ሰበቡን ማንም አልጠየቀውም።

የኔታ ከቤታቸው ደጃፍ በጭጋጉ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከሁለት ወር በፊት ከማውቃቸው ይልቅ ያነሱ መሰለኝ። ጉልበት ሳምኩ። ያንን ልጅ ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፣ ዳግመኛ ይቅርታ ሊጠይቁት። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ 24:08 ላይ ከፈትኩት።

ድምፃቸው ግእዙን አለ። እንግዶቹ ገቡ። አንዱ ደጃፍ ላይ ቀረ። «አንዱን ትታችሁ የተቀመጡትን ብቻ ቁጠሩ።»

የኔታ እጃቸውን አንሥተው አቆሙኝ። «ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። «ድገሚው» አሉ አሁንም። በሦስተኛው ጊዜ ከንፈራቸው ከድምፃቸው እኩል ይንቀሳቀስ ነበር፣ አንድም ቃል አልቀደማቸውም፣ አንድም ቃል አልቀደሙም።

ከዚያ ተናዘዝኩ። ማዳመጫውን፣ ፍጥነቱን፣ ግእዙን እንደ ጨዋታ ማለፌን፣ ሁሉንም። አልተቆጡም። በአንድ ተኩል ፍጥነት ማለት ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ከፍቼ አሰማኋቸው። ራሳቸውን እንደ ንብ ሲያጉረመርሙ ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ልጁም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው የእሱን ዓመት በጣታቸው አወጡለት። አንዱን ደጃፍ ላይ አስቀሩት፣ አራቱን በዐሥራ ዘጠኝ አባዙት፣ ሠላሳ ሠላሳውን አወጡት፣ መጥቅዕ የሚባለውን ቀሪ ይዘው ቀኖቹን ነገሩት። ነነዌ ጥር ሃያ አንድ፣ ዐቢይ ጾም የካቲት አምስት። «እሑድ ጥር ሃያ ሰባት ይመችሃል» አሉት። «ከነነዌ ወጥተህ ጾሙ ሳይገባ። ግን ዘንድሮ ጥድፊያህን ለሚኒባስህ ተውለት።»

ልጁ ስልክ ሊደውል ወደ ውጭ ወጣ። እኔና የኔታ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ልንሠራ ተቀመጥን። እኔ አጫውታለሁ፣ እሳቸው ርእስ የሚጀመርበት ሲደርስ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። እዚያች ላይ ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ መልሼ እጽፋለሁ፣ የመጀመሪያው ቃል እንዳይቆረጥ። 24:52 ወጣና 24:06 ገባ፤ ርእሱም «ወንበር፤ አንዱን መተው» ሆነ። ዐሥራ ሁለት ከነበሩት ርእሶቼ ሰባቱ ዘግይተው ነበር። አንዱን ርእስ ጨርሶ አላየሁትም፤ በተረት ውስጥ ተደብቆ ነበር።

ግማሽ ላይ ስንደርስ መቋሚያቸው ቆመ። ቪዲዮውን አስቆምኩት።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህ ልጅ መጥቶ ከሄደ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሌቱን ስመላለስበት ነበር። ስሕተቴን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤ ላገኘው አልቻልኩም።»

«ስላልነበረ ነዋ፣ የኔታ።»

«እኔማ መቼ እንዲያ አልኩ» አሉ። «ያላገኘሁት ስለረሳሁ ነው ብዬ ነበር የፈራሁት።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት፣ እሳቸውም ጭንቅላቴን ትንሽ ዳበስ አድርገው ወደ ስልኩ አመለከቱኝ።

«በይ ልቀቂው» አሉ። «ነገ ለተማሪዎቼም አስተምራለሁ። ቀስ ብለሽ።»